ውዱእ ምን ያጥባል? በምንስ ይፈርሳል?

ቁርኣን ቤት ውስጥ ንቁ ልጅ ካለ አንድ ቀን ሸይኹን መጠየቁ የማይቀር ነገር አለ። አየር ያመለጠው ሰው ውዱኡ ፈርሷል፤ ስለዚህ ሶላት ከመስገዱ በፊት ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ይታጠባል። አየሩ የወጣበትን ቦታ ግን ታጠብ የሚለው የለም። ታዲያ ፊቱ ምን አጠፋ?

ጥያቄው ያስቃል፤ ቢሆንም መልሱን የያዘ ሰው የውዱእን ነገር ከሥሩ ይዞታል። ውዱእ ቆሻሻ ማስለቀቂያ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንት ሁለት ነገሮችን ለይተው ያስተምራሉ። አንደኛው ነጃሳ ነው። ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ ደምና የመሳሰለው፣ ያረፈበት ቦታ ሲታጠብ የሚለቅ ርኩሰት ማለት ነው። ሁለተኛው ሐደስ ይባላል። ሐደስ አይታይም፣ አይዳሰስም። ሰውየው ያለበት ሁኔታ ነው፤ ለሶላት እንዳይቆም የሚከለክለው ሁኔታ። የሚነሳውም ፈጣሪ ባዘዘው መንገድ ብቻ ነው።

ሁለቱን አለመለየት ብዙ ሰው ያደናግራል። ውዱእ አድርጋ ሶላት የምትጠብቅ እናት ሕፃኑ ቀሚሷ ላይ ቢሸናባት ውዱኧ ፈረሰ ብላ ትጨነቃለች። አልፈረሰም። ነጃሳው የነካውን ልብስና ገላ ታጥባለች፣ ውዱኧዋ እንዳለ ነው። በአንጻሩ አሁን ከሻወር የወጣ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው አየር ቢያመልጠው፣ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መስገድ አይችልም። ውኃ የታጣ እንደሆነ ደግሞ በንጹሕ አፈር ፊትና እጅን ማበስ፣ ተየሙም የሚባለው፣ በውዱእ ፋንታ ይቆማል። አፈር ቆሻሻ አያስለቅቅም፤ ለሐደስ ግን በቂ ነው። ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብም የቆዳ ካልሲ ላይ ስለሚደረገው ማበስ ሲናገሩ፣ ሃይማኖት በሰው ግምት ቢሆን ኖሮ ከካልሲው ላይኛው ክፍል ይልቅ መሬት የሚረግጠው ታችኛው መታበስ ይገባው ነበር፣ እሳቸው ያዩት ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላዩን ሲያብሱ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

የቁርኣን ትእዛዝ አጭር ነው። የሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ ለሶላት የሚነሳን ሰው አራት ነገር ያዝዘዋል፦ ፊትን ማጠብ፣ እጅን እስከ ክርን ማጠብ፣ ራስን ማበስ፣ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ማጠብ። ከዚህ የቀረው ሁሉ፣ አፍ መጉመጥመጡ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ መደጋገሙ፣ ጆሮው፣ ከነብዩ አሠራር የተወሰደ ነው። ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ውኃ አስመጥተው በሰዎች ፊት ከመዳፋቸው እስከ እግራቸው እየታጠቡ ነብዩ ያደረጉት ልክ እንዲህ ነበር ብለው ያሳዩትን ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። ዛሬ በአኑዋር መስጊድ ቧንቧ ሥር የሚታየው ቅደም ተከተል ያው ነው።

በነዚህ አራቱ ላይ ምን ግዴታ ይጨመራል በሚለው ላይ ግን መዝሀቦች ተለያይተዋል። ለእኛ አገር ሁለቱ በጣም ቅርብ ናቸው። በሐረርና በምሥራቁ የሻፊዒይ መዝሀብ ያመዝናል፤ በወሎ ደግሞ ሻፊዒይና ሐነፊ ጎን ለጎን ሲቀሩ ኖረዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ያረፉትም ኢማም አሽ-ሻፊዒይ የተወለዱትም በአንድ ዓመት፣ በ150 ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ተከታዮቻቸው ግን ወሎ ላይ በአንድ መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይሰግዳሉ። ለሐነፊ የውዱእ ግዴታ አራቱ ብቻ ናቸው። ሻፊዒይ ሁለት ይጨምራል፤ ኒያና ቅደም ተከተል።

ኒያ ማለት በልብ ማሰብ ነው፣ ሐደስን ላነሳ ነው፣ ለሶላት ልዘጋጅ ነው ብሎ። ጮክ ብሎ መናገር አይጠበቅም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት ወንዝ ሲሻገር አንሸራትቶት ተዘፍቆ የወጣ መንገደኛን እናስብ። ግዴታ የሆኑት አካላቱ በሙሉ ርሰዋል፤ ውዱእ ማድረግ ግን በሐሳቡም አልነበረም። በሐነፊ ሰውየው ውዱእ አለው፤ ውኃ በባሕርዩ አጥሪ ነውና፣ ምንዳ ባያገኝበትም ሶላቱን ይሰግዳል። በሻፊዒይ ግን የረጠበ ልብስ የለበሰ ሰው ነው እንጂ ውዱእ የለውም። ሻፊዒዮች ውዱእን ራሱን እንደ አምልኮ ስለሚያዩት ያለ ሐሳብ አይቆምም ይላሉ። ኒያው ሊገኝ የሚገባው ደግሞ የፊት የመጀመሪያው ክፍል ሲታጠብ ነው።

ታጣቢው ቢስሚላህ ብሎ መዳፎቹን ሦስት ጊዜ በማጠብ ይጀምራል። ነብዩ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳይነክር አዘዋል፤ እጁ ሌሊቱን የት እንዳደረ አያውቅምና። ከቧንቧ ለምንታጠብ ይህ የሩቅ ነገር ይመስላል፤ አንድ ገንዳ ውኃ ለሰፈር ሰው በሚበቃበት ገጠር ግን ዛሬም ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከዚያ አፍን መጉመጥመጥ፣ ውኃ በአፍንጫ ስቦ በግራ እጅ መናፈጥ ይከተላል። ጾመኛ ወደ ውስጥ አጥብቆ እንዳይስብ ተነግሮታል። ጥርስን በመፋቂያ መፋቅ እዚህ ላይ ይወደዳል። ነብዩ በሕዝቤ ላይ እንዳይከብድ ባልሰጋ ኖሮ ግዴታ አደርገው ነበር ያሉት ነገር ነው።

ፊት የሚባለው ፀጉር ከሚበቅልበት የግንባር ጠርዝ እስከ አገጭ ሥር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። ጢሙ ሳሳ ያለ ሰው ውኃውን ወደ ቆዳው ማድረስ አለበት፤ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ላዩን ማጠብ ይበቃዋል። እጅ ክርኑን ጨምሮ ይታጠባል። ብዙ ሰው እጀታውን በደንብ ሳይሰበስብ ክርኑን ደረቅ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ውኃ የሚከለክል ነገርም እጅ ላይ ይበዛል። ኩቴክስ ጥፍር ላይ የተነጠፈ ሽፋን ስለሆነ መነሳት አለበት። እንጀራ ስትጋግር የዋለች ሴት ጥፍሯ ዙሪያ የደረቀ ሊጥ፣ የቀለም ቀቢ እጅ ላይ የተጋገረ ቀለምም እንደዚያው። እንሶስላና ሂና ግን ቀለማቸው ቆዳው ውስጥ የገባ እንጂ ሽፋን ስላልሆነ ምንም አያግዱም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በጥፍር ሲፈቀፈቅ የሚነሳ አካል ያለው ነገር ይከለክላል፣ ቀለም ብቻ የሆነ አይከለክልም።

ራስ አይታጠብም፣ በእርጥብ እጅ ይታበሳል። ስንቱ? ለሻፊዒይ ጥቂት ፀጉር እንኳ ከታበሰ ግዴታው ወጥቷል። ለሐነፊ ሩብ ራስ መሆን አለበት። ማሊኪና ሐንበሊ ሙሉውን ይላሉ። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን። ከራስ ቀጥሎ ጆሮ ከውስጥም ከውጭም ይታበሳል።

የመጨረሻው እግር ነው፤ ብዙ ውዱእ የሚጎድለውም እዚሁ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ የሶላት ሰዓት ደርሶባቸው የተጣደፉ ሶሐቦች እግራቸውን እንደ ነገሩ አርጥበው ሲነሱ፣ ነብዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለተረከዞች ከእሳት ወዮላቸው ማለታቸውን ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ዘግበዋል። ሌላ ጊዜም እግሩ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ደረቅ የቀረችበትን ሰው ተመልሰህ ውዱእህን አሳምር ብለውታል። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ ሰው ስንጥቁን፣ ጣቶቹ የተጣበቁ ሰው መሐላቸውን በትንሿ ጣቱ ሊፈትሽ ይገባዋል። ጥንቃቄ ማለት ግን ውኃ ማባከን አይደለም። አነስ እንደሚሉት ነብዩ ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ነበር፤ ሙድ በሁለት መዳፍ የሚታፈስ መስፈሪያ ሲሆን በዛሬው ልክ ወደ ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጋል። ቧንቧ ከፍተን ክንዳችንን እስክንሰበስብ ድረስ ብቻ ከዚያ የበለጠ ይፈሳል።

እያንዳንዱ እርምጃ ምን ትርጉም አለው ለሚል ሰው ከሁሉ የጠራው መልስ አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት ሐዲስ ነው፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሰው ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑ ያየው ኃጢአት ከውኃው ጋር፣ ከመጨረሻዋ ጠብታ ጋር ይወጣል። እጁን ሲታጠብ እጁ የጨበጠው፣ እግሩን ሲታጠብ እግሩ የሄደበት እንዲሁ ይወጣል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ መልስ አለው። የሚታጠቡት ሐደሱ የወጣባቸው ቦታዎች አይደሉም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ዓለምን የሚያገኝባቸው ናቸው። ያያል፣ ይናገራል፣ ይሰጣል ይነጥቃል፣ ይሄዳል። እነሱው ናቸው ከጌታው ፊት የሚቆሙት። በሌላ ሐዲስ ነብዩ ያላዩዋቸውን ተከታዮቻቸውን በቂያማ ቀን እንዴት እንደሚለዩ ተጠይቀው፣ አንድ ሰው ከጥቁር ፈረሶች መሐል ግንባራቸው ቦራ፣ እግራቸው ነጭ የሆኑትን የራሱን ፈረሶች አያጣቸውም ብለዋል። የውዱእ ቦታዎች ያን ቀን ያበራሉና።

ከዚህ አልፎ ለእያንዳንዱ አካል የተለየ ዱዓ የሚያስነብቡ ኪታቦች አሉ፤ ፊት ሲታጠብ ፊቴን አብራልኝ፣ ቀኝ እጅ ሲታጠብ መዝገቤን በቀኜ ስጠኝ የሚሉ። ትርጉማቸው ያማረ ነው፤ ሻፊዒዩ ሊቅ ኢማም ነወዊ ግን ከነብዩ የተገኘ መሠረት የላቸውም ብለዋል። የተረጋገጠው በመጨረሻ የሚባለው ሸሃዳ ነው፤ እሱን ላለ ሰው ስምንቱ የጀነት በሮች እንደሚከፈቱለት ተዘግቧል። ከውዱእ በኋላ ሁለት ረከዓ መስገድን የምናውቀው ደግሞ ከሐበሻው ሶሐባ ከቢላል ነው። ነብዩ የጫማህን ኮቴ ጀነት ውስጥ ሰማሁ፣ በምን ሥራህ ነው ቢሏቸው፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ውዱእ አድርጌ ሳልሰግድበት የቀረሁበት ጊዜ የለም ነበር መልሳቸው።

ወደ መፍረሱ እንምጣ። ከሁለቱ መውጫዎች የሚወጣ ነገር፣ ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ አየር፣ በየትኛውም መዝሀብ ውዱእን ያፈርሳል። ራስን መሳት፣ ስካርና እብደትም እንዲሁ። እንቅልፍ በራሱ አይደለም የሚያፈርሰው፤ የተኛ ሰው ምን እንደወጣው ስለማያውቅ ነው። ለዚህም ነው መቀመጫውን መሬት ላይ አደላድሎ ያሸለበ ሰው ውዱእ በሻፊዒይም በሐነፊም የማይፈርሰው። ሶሐቦች ኢሻን ሲጠብቁ ራሳቸው እስኪዘነበል ያንቀላፉ ነበር፤ ከዚያ ተነስተው ውዱእ ሳያድሱ ይሰግዳሉ። በጎኑ የተጋደመ ግን በሁለቱም ያድሳል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ነገሩን በአንድ ሰው ቀን ላይ እንየው። ደሴ ውስጥ ያለ ባለ ሱቅ ለዙህር ውዱእ አድርጎ ሰገደ፤ በዚያው ውዱእ አስርን ሊሰግድ አስቧል። ከዙህር በኋላ ባለቤቱ ምሳ አምጥታ ሳህኑን ስታቀብለው እጃቸው ተነካካ። ከምሳ በኋላ ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ እንደተቀመጠ አሸለበው። ሲነቃ ካርቶን ሊከፍት ቢላ አነሳ፣ ጣቱን ቆረጠው፣ ደሙ ወደ መዳፉ ወረደ። የአስር አዛን ተሰማ። ውዱእ አለው?

ሽለብታው፣ እንዳልነው፣ በሁለቱም አይጎዳውም። የሚስቱ እጅ በሻፊዒይ ያፈርሳል፤ ለመጋባት የሚፈቀዱ ወንድና ሴት ቆዳ ለቆዳ ከተነካኩ፣ ስሜት ኖረም አልኖረም፣ የሁለቱም ውዱእ ይፈርሳል፤ የእሷም ጭምር። እናቱ ወይም እህቱ ብትሆን ግን አይፈርስም ነበር። ሻፊዒዮች ይህን የሚወስዱት የማኢዳው አንቀጽ ሴቶችን መንካትን ከሚያፈርሱት ጋር ስለሚቆጥር ነው። ሐነፊዎች አንቀጹ የባልና ሚስት ግንኙነትን ነው የሚለው ይላሉ፤ ዓኢሻም ነብዩ በሌሊት ሲሰግዱ እግሯን በእጃቸው ገፋ አድርገው ሱጁድ ይወርዱ እንደነበር መናገሯን ያነሳሉ። ደሙ ደግሞ ተቃራኒ ነው። በሐነፊ ከቁስሉ አፍ አልፎ የፈሰሰ ደም ውዱእ ያፈርሳል፤ እንደ ነጥብ ታይቶ እዚያው ከቆመ አያፈርስም። በሻፊዒይ ደም ነጃሳ ነው፣ ይታጠባል፣ ውዱእን ግን አይነካም። በዛቱ ሪቃዕ ዘመቻ ሌሊት ሲጠብቅ ሶላት ላይ የነበረ ሶሐባ በሦስት ቀስት ተወግቶ ደሙ እየፈሰሰ መስገዱን ማስረጃ ያደርጉታል።

አሁን ባለ ሱቁ ብልጠት ቢያስብ እንዲህ ሊል ይችላል፦ በንኪው ሐነፊ ነኝ፣ በደሙ ሻፊዒይ ነኝ፣ ስለዚህ ውዱኤ አልፈረሰም። ሊቃውንቱ የማይቀበሉት ይህን ነው፤ ተልፊቅ ይሉታል። ሁለቱ ኢማሞች ከመቃብራቸው ተነስተው ሰውየውን ቢያዩት፣ ሻፊዒይ በንኪው፣ አቡ ሐኒፋ በደሙ ምክንያት ሁለቱም ውዱእ የለህም ይሉታል። በማንም ዘንድ የማይቆም ውዱእ ይዞ ነው የሚሰግደው። ጣቱን ባይቆርጥ ኖሮስ? ያኔ በንኪው የሐነፊን ሐሳብ ይዞ መስገድ ይችላል፤ ግን ውዱኡ ራሱ በሐነፊ መለኪያ የተሟላ ከሆነ ነው። ያቆየነው የራስ ማበስ እዚህ ይመጣል፦ ጠዋት ጥቂት ፀጉር ብቻ አብሶ ከነበረ ለሐነፊ መጀመሪያውኑም ውዱእ አልነበረውም። መካ ላይ ይህ የንባብ ቤት ክርክር አይደለም። በጠዋፍ ግፊያ ውስጥ ከሴት ጋር አለመነካካት ስለማይቻል ብዙ የሻፊዒይ ሊቃውንት ተከታዮቻቸው በዚያ ቦታ የሐነፊን እንዲይዙ ይፈቅዳሉ፤ ከመነሻው ግን ራሳችሁን በደንብ አብሱ ይሏቸዋል።

ሌሎችም አሉ። ሐነፊ ሶላት ውስጥ በሳቅ መፈንዳት ሶላቱንም ውዱኡንም ያፈርሳል ይላል፤ ለሌሎቹ ሶላቱ ብቻ ነው የሚፈርሰው። በሐንበሊ የግመል ሥጋ የበላ ያድሳል። የጅግጅጋ ሰው የግመል ሥጋ በልቶ በነበረው ውዱእ ቢሰግድ በሻፊዒይ ልማዱ ነው፤ ሳዑዲ ሄዶ አብሮት የበላው ሰው ከማዕድ ተነስቶ ውዱእ ሲያድስ ሲያይ ግን ግር ሊለው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያሠቃየው ግን የሚያፈርሰው ነገር አይደለም፣ ጥርጣሬው ነው። ሆዱ ሲጮህ ወጣብኝ አልወጣብኝ እያለ ሦስት አራት ጊዜ ከሰልፍ ወጥቶ የሚታጠብ ሰው በየመስጊዱ አይጠፋም። ነብዩ ይህ ጉዳይ ሲነገራቸው ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያሸት ድረስ ከሶላቱ እንዳይወጣ ነው ያዘዙት። ትርጉሙ ድምፅና ሽታ ብቻ ያፈርሳሉ ማለት ሳይሆን፣ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይነሳም ማለት ነው። ውዱእ ማድረጉን ያወቀና መፍረሱን የጠረጠረ ውዱእ አለው። መፍረሱን ያወቀና ማደሱን የጠረጠረ ደግሞ ውዱእ የለውም። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው በሽተኛ ግን የሚወጣው እርግጥ ስለሆነ ለብቻው ሕግ አለው። የሶላቱ ሰዓት ከገባ በኋላ ራሱን አጽድቶ ውዱእ ያደርጋል፣ ከዚያ እየሰገደ ቢወጣውም አይጎዳውም።

በእርግጥ ከፈረሰበትስ፣ ያውም የመጀመሪያው ሰልፍ መሐል ቆሞ እያለ? መውጣት ግዴታው ነው፤ ማፈሩ ግን አይቀርም። ለዚህም አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ መላ ተሰጥቶታል፦ አፍንጫውን ይዞ ይውጣ። ያየው ሰው ነስሮት ነው ይላል።